የሰው ብርድ ልብስ በእኔ መደርደሪያ

ሐዋሳ መሃል ከተማ፣ እኔ የምነግድበት መንገድ ላይ፣ ያልተጻፈ ግን ሁሉም የሚያውቀው ደንብ አለ። የብድር ባለሙያ ሱቅ ሊያይ ሲመጣ ጎረቤት ዕቃ ያውሳል። ጠዋት ተሸክመው ያመጡልሃል፣ ባለሙያው አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ራሱን ነቅንቆ ሲሄድ ከሰዓት በኋላ ተሸክመህ ትመልሳለህ። አጠገቤ ያሉት ጋሼ ብርድ ልብስ ይሸጣሉ። ከዓመት ዓመት ከሱቅ ሱቅ ሲዋዋስ የኖረው ብርድ ልብሳቸው የከተማውን የብድር ባለሙያዎች በሙሉ ሳያውቃቸው አይቀርም። እኔም ተራዬ ሲደርስ፣ "ባዶ ሱቅ ማንም አያምንም፤ ሙዪው!" ብለው ቀኑ ገና ሳይደርስ ከነፕላስቲኩ አሸክመው ላኩልኝ። ብርድ ልብሱ እስከ ጣሪያ ሲደረደር ከበሩ ወጥቼ አየሁት። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። የራሴ ይመስል ነበር።

የምሸጠው አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ መጋረጃና አንዳንድ የቤት ጨርቅ ነው። ሱቄ ጠባብ ነች፤ ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ በግራ በኩል ያለችው ሱቅ ልትለቀቅ ነው ሲባል፣ በዚያው ቀን ግድግዳውን በሐሳቤ አፍርሼ ጨረስኩ። ባለቤቱ እስከ ወሩ መጨረሻ ሊጠብቀኝ ተስማማ። የዓመት ኪራይ በቅድሚያ፣ መደርደሪያ፣ መብራት፣ ከዚያም መደርደሪያውን የሚሞላ ዕቃ ሲደመር ግማሽ ሚሊዮን ብር ሆነ። ግማሽ ሚሊዮን ብር ደግሞ ያለ ማስያዣ የሚሰጥ አልነበረም። ማስያዣ የሚሆን ያለው እናቴ ጋ ነው፤ ታቦር ሰፈር ያለው ቤታችን።

ቤቱን የሠራው አባቴ ነው፤ መንግሥት መሥሪያ ቤት እያገለገለ፣ በየዓመቱ አንድ አንድ ክፍል እየጨመረ። እሱ ካረፈ ወዲህ እናቴ በጡረታ አበሉ ትኖራለች። ብድሩን ስነግራት ብዙ አልጠየቀችም። ከአልጋዋ ስር ሻንጣውን ጎተተች፣ በነጠላ የተጠቀለለውን የቤት ካርታ አወጣች፣ አቧራ ባይኖረውም አቧራውን አራገፈችና ሰጠችኝ።

"ያንቺው አይደል?" አለች። "የጸሎት ጓደኞቼም ይጸልያሉ፤ እግዜር ይፈቅዳል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ቤታችን የሚሰበሰቡት የእናቴ የጸሎት ጓደኞች የእኔን ብድር ከታማሚዎችና ከመንገደኞች ጋር አብረው በስም ጠርተው ይጸልዩለት ጀመር። ከበረንዳው ሆኜ እሰማቸው ነበር። እናቴም ከሁሉም ጮክ ብላ "አሜን" ትል ነበር።

አሁን ስለ ከፋይ መጋረጃው መናገር አለብኝ፤ ባልወድም። ባለፈው ዓመት እቁቤ ሲወጣልኝ፣ ለሲዳማ አዲስ ዓመት ለፍቼና ለፋሲካ ቤቱን የማያሳምር የሐዋሳ ሰው የለም ብዬ፣ መርካቶ ሄጄ ገንዘቡን በሙሉ በወይን ጠጅ ቀለም ከፋይ መጋረጃ ላይ አፈሰስኩት። ከፋዩ ግሩም ነው። ከባድ፣ ለስላሳ፣ ብርሃን የማያሳልፍ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የጎደለው፤ ሐዋሳ ሞቃት መሆኑን የማያውቅ ገዢ። የሐዋሳ ሰው ለመስኮቱ የሚፈልገው የሐይቁን ነፋስ የሚያስገባ ስስ ጨርቅ ነው። ደንበኛ ገብቶ ከፋዩን በእጁ ዳብሶ "እንዴት ያምራል!" ይልና ስሱን ገዝቶ ይወጣል። ሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ ብር እንዲህ እየተዳበሰ ተቀመጠ።

ከስሱ ገዢዎች አንዷ ዩኒቨርሲቲ የሂሳብ አያያዝ የምታስተምር መምህርት ነበረች። ከጎንደር የመጣች፣ ብቻዋን የምትኖር፣ ቀልደኛ ሴት። ለሳሎኗና ለመኝታ ቤቷ መጋረጃ ወስዳ "ደመወዝ ሲገባ" ብላኝ ነበር። ደመወዙ ገባ፤ ለእኔ ግን አልገባም። በገባ ቁጥር ለሌላ ሰው የተመደበ ሆኖ ይገኛል። እሷም የሸሸችኝ እንዳይመስል ብላ ነው መሰለኝ፣ ከማስተማር ስትመለስ ሱቄ ጎራ ብላ፣ ደንበኛ መቀመጫው ላይ ተቀምጣ፣ ወግ ታወጋኝ ነበር። የብድር ባለሙያው "ያለሽንና ያለብሽን ጽፈሽ ጠብቂኝ" ማለቱን ስነግራት ከመቀመጫዋ ተነሳች።

"ጥሩ! መጋረጃውን በትምህርት እከፍልሻለሁ" አለችኝ።

"መምህርት፣ በብር ቢሆን እመርጥ ነበር።"

"በብር የለኝም። ለዚህ ነው ሬሾ የማስተምረው።"

እኔ ሬሾ የሚባለውን ባንክ ቤት ብቻ የሚነገር የምስጢር ቋንቋ አድርጌ ነበር የማስበው። አበዳሪውን ለማስደመም ሁለት ሦስቱን ባጠና ምን ይጎዳኛል አልኩ። ጻፍኩላት። ዕቃ ስምንት መቶ ሺህ። በእጅና በባንክ አርባ ሺህ። በሰው እጅ ያለ ዱቤ ስልሳ ሺህ። ዕዳ፣ ለመርካቶ አከፋፋይ ሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ። በቅርቡ ወደ ገንዘብ ይለወጣል የተባለውን ሀብት በቅርቡ ለሚከፈለው ዕዳ ማካፈል ነው አለችኝ። ዘጠኝ መቶን ለሁለት መቶ ሃምሳ አካፈልኩ። ሦስት ነጥብ ስድስት።

"ለአንድ ብር ዕዳ ሦስት ብር ከስድሳ ሳንቲም አለሽ ማለት ነው" አለችና ዙሪያዋን አየች። "ሀብታም ነሽ ለካ! ታዲያ እኔን በመጋረጃ ዕዳ ምን ያስጨንቅሻል?"

ጮቤ ረገጥኩ። ደስታዬ ግን ረጅም ዕድሜ አልነበረውም፤ ዓይኗ የጋሼ ብርድ ልብስ ላይ አረፈ። ከትናንት ወዲያ እዚያ ቦታ ላይ ምንም አልነበረም።

"ይሄ የማን ነው?"

"የጋሼ። ግን ለጊዜው የኔ ነው።"

"ስንት ነው ዋጋው?"

"ሁለት መቶ ሺህ።"

"የአንቺ ካልሆነ ከዚህ ይውጣ። የአንቺ ከሆነ ደግሞ ዕዳው እዚያ ይግባ" አለችና ብዕሩን ቀማችኝ። "የእቁብሽስ ቀሪ ክፍያ የት አለ?"

በዚህ ጊዜ ተቆጣሁ። እቁብ እኮ ዕዳ አይደለም፤ እቁብ ነው። ዕዳ ማለት አንድ ሰው መጥቶ ደጅ የሚቆምበት ነገር ነው። እቁብ ማለት እሁድ እሁድ ሁለት ሺህ ብር ይዘሽ ሄደሽ፣ ተጫውተሽ፣ ተጨዋውተሽ የምትመለሽበት ማኅበር ነው። እናቴም፣ አክስቶቼም፣ መንገዱ በሙሉ እቁብን ዕዳ ብሎ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት።

"ወጥቶልሻል?"

"አዎ።"

"በልተሽዋል?"

ከፋዩን በአገጬ አሳየኋት።

"ስለዚህ የወሰድሽው የሌሎች ሰዎች ገንዘብ ነው፤ እየመለስሽ ነው። ሳይወጣልሽ ብትከፍዪ ኖሮ ሀብትሽ ነበር፤ እነሱ ያንቺን ይዘው ነበርና። አሁን ግን አንቺ ነሽ የነሱን የያዝሽው። ስንት ቀረሽ?"

መቶ ሺህ ቀርቶኝ ነበር። እሱ ሲገባ፣ የጋሼ ብርድ ልብስ ሲወጣ፣ ሰባት መቶ ሺህ ለሦስት መቶ ሃምሳ ሺህ ሆነ። ሁለት። ሦስት ነጥብ ስድስቴ በአንድ ሻይ መጠጫ ጊዜ ሁለት ሆነ። ብርድ ልብሱን አላስወጣም ብዬ ክርክር ገጠምኩ፤ ዕዳውንም አብራ ስትጨምርብኝ ግን ዘጠኝ መቶ ለአምስት መቶ ሃምሳ ሆኖ ከሁለትም ወረደ። ሱቄን በሞላሁት ቁጥር ወረቀቴ ይጎድላል። ጋሼ በዚህ ሂሳብ ስንት ሰው እንዳስበደሩ አሰብኩ።

"ሁለት መጥፎ አይደለም" አለች መምህርቷ። "አሁን ዕቃውን አውጪውና አስቢው።"

"ዕቃውን ለምን? ሱቅ እኮ ዕቃ ነው።"

"አከፋፋዩ ነገ ብሬን ቢልሽ ከፋይ ቆርጠሽ ትሰጪዋለሽ?"

ዕቃው ወጣ። አርባና ስልሳ ሺህ፣ አንድ መቶ ሺህ ለሦስት መቶ ሃምሳ ሺህ። ለአንድ ብር ዕዳ ሃያ ዘጠኝ ሳንቲም ገደማ። ያም ሃያ ዘጠኝ ሳንቲም ከውስጡ የመምህርቷን የመጋረጃ ዕዳ የያዘ ነበር። ይህን ስነግራት ሳቀችና "እኔን እንደማይሰበሰብ ቁጠሪኝ፤ ጥንቃቄ ነው" አለች።

የጎዳኝ ግን የመጨረሻው ነው። በዓመት ስንት ዕቃ እንደምሸጥ ጠየቀችኝ፤ በሸጥኩበት ሳይሆን በገዛሁበት ዋጋ። ዘጠኝ መቶ ሺህ ይሆናል። መደርደሪያዬ ላይ ያለው የራሴ ዕቃ ስድስት መቶ ሺህ። አንድ ተኩል ጊዜ ብቻ ነው በዓመት የሚገላበጠው። ዓመቱን ለአንድ ተኩል አካፈልን፤ ስምንት ወር። አንድ ዕቃ ሱቄ ገብቶ እስኪወጣ በአማካይ ስምንት ወር ይቆያል። የመርካቶው አከፋፋይ የሚሰጠኝ ቀን ደግሞ ሁለት ወር ነው።

እኔ ያን ያህል ጊዜ ቦታ ጠበበኝ ብዬ ሳማርር፣ የጠበበኝ በዕቃው ቁመት አልነበረም፤ በዕቃው ዕድሜ ነበር። የምበደረው ግማሽ ሚሊዮን ለካ ለከፋዩ ሰፋ ያለ መኖሪያ ለመከራየት ነው። ተናደድኩ፤ በመምህርቷ፣ በከፋዩ፣ ከሁሉም በላይ በራሴ። ወጪዬ ሁሉ ተቀንሶ በወር የሚተርፈኝ አሥር ሺህ ብር ነው። የብድሩ ወርሃዊ ክፍያ ከነወለዱ አሥራ ስምንት ሺህ ገደማ። መክፈል ላለብኝ ለእያንዳንዱ ብር ያለኝ ሃምሳ አምስት ሳንቲም ብቻ ነው፤ ያውም እቁቡ ከዚያው ከአሥሩ ሺህ ላይ ስምንቱን የሚወስድ መሆኑን ሳንቆጥር።

"ቀሪውስ ከየት ይመጣል?" ብዬ ጠየቅኳት፤ እያወቅኩት።

መምህርቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደችም። "ታቦር ካለው ቤት" አለችኝ።

ባለሙያው በሚመጣበት ዕለት ጠዋት የጋሼን ብርድ ልብስ መልሼ መሸከም ጀመርኩ። መንገዱ በሙሉ ወጥቶ አየኝ። ፊት ለፊቴ ያለው ጫማ ሻጭ ሱቄ የታሸገ መስሎት "አይዞሽ" አለኝ። ጋሼ በራቸው ላይ ቆመው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገዋል።

"ምን ነካሽ? ሰውዬው ገና አልመጣም እኮ!"

"እናመሰግናለን ጋሼ። ከመምጣቱ በፊት ነው መመለስ ያለበት።"

"እንዲህ አድርጎ የተበደረ ሰው አላየሁም" አሉ፤ እውነታቸውን ነው።

የብድር ባለሙያው በባጃጅ መጣ። የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰ፣ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነው። ገብቶ ባዶውን መደርደሪያ አየና ፊቱ ላይ ሐዘን የመሰለ ነገር አለፈ፤ የእኔን ዕድል ሳይሆን የራሱን ፎቶ ነው መሰለኝ ያሳዘነው። ወረቀቴን ሰጠሁት። ያለኝ፣ ያለብኝ፣ እቁቡ፣ ሁለቱ፣ ሃያ ዘጠኝ ሳንቲሙ፣ ስምንቱ ወር፣ ሃምሳ አምስት ሳንቲሙ። ሁሉንም በልጅነቴ ባልነበረ ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጽፌዋለሁ። አነበበው። ወደ ላይ ተመልሶ እንደገና አነበበው።

"እህቴ፣ ይሄንን ማን ጠየቀሽ?"

"ያለብሽን ጻፊ አላሉኝም?"

"እቁብ ማንም አይጽፍም። ይሄ የመጨረሻው ደግሞ..." ጣቱን ሃምሳ አምስቱ ላይ አደረገ። "ሱቁ ሲሰፋ ሽያጩ ይጨምራል ብለሽ አስተካክይው። ወር በወር ሃያ አምስት ሺህ ይተርፈኛል ብትዪ ክፍያሽን ችሎ ይተርፋል፣ ማመልከቻሽ ያልፋል። ካርታው አለ አይደል?"

"አለ።"

"ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል?"

ይህችን ጥያቄ ከመምህርቷም ሰምቻታለሁ፤ እሷ ግን ስትቀልድ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ካርታው በነጠላው እንደተጠቀለለ ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ ሬሾ ያጠናሁት ይህን ሰው ለማሳመን ነው። ሰውየው ግን ከመምጣቱ በፊት አምኗል፤ ያላመንኩት እኔ ብቻ ሆኜ ቀረሁ። አበዳሪዬ እንዲያበድረኝ ሲለምነኝ፣ ተበዳሪዋ እንዳይሆን ስትከራከር ትንሽ ቆየን። ደንበኛ ገብቶ ከፋዩን ዳብሶ ወጣ።

በመጨረሻ የምፈልገውን ነገርኩት። ግድግዳ አላፈርስም። ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ባለ አንድ ሰው አንሶላ ከደረሰ በወር ተኩል ያልቃል፤ ይህን ከመምህርቷ ጋር እያንዳንዱን ዕቃ ለየብቻው ስናሰላ ነው ያገኘነው። ለእሱ መግዣ መቶ ሺህ ብር ይበቃኛል። ያለ ካርታ፣ በደመወዝተኛ ዋስ።

"ለመቶ ሺህም እኮ ያው ፋይል ነው የምከፍተው" አለ ቅር ብሎት። "ዋስሽ ማን ነው?"

ዋሴ መምህርቷ ነበረች። ደመወዟ እኔ ሳላየው የሚያልቅባት መምህርት፣ እስከዛሬ የመጋረጃ ዕዳዋን ያልከፈለችኝ፣ ለእኔ ዋስ ሆና ፈረመች። "አሁን ብትጠፊ እኔ ነኝ የምከፍለው፤ ስለዚህ መጋረጃው ይቅርልኝ" አለች ስትፈርም። አልተውኩላትም። ግማሹን ብቻ ተውኩላት።

ከፋዩን ከገዛሁበት አሳንሼ መሸጥ ጀመርኩ። ትልቁን ድርሻ የወሰደው የእናቴ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ለመዘምራኑ መድረክ፣ በሁለት ጊዜ ክፍያ። መድረኩ ላይ ሰፊ መስኮት የለም። እሁድ እሁድ ሳየው ሁለት ነገር ይሰማኛል፤ ማማሩና ኪሳራዬ።

ያን ዕለት ግን ባለሙያው እንደሄደ ሱቄን ዘግቼ ቀጥታ ታቦር ወጣሁ። እናቴ በረንዳው ላይ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ካርታውን ከነነጠላው ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። አየችው፣ አልነካችውም።

"አልፈቀዱልሽም?"

"ፈቅደው ነበር እማዬ። እኔ ነኝ ያልፈቀድኩት።"

የጸሎት ጓደኞቿ ምን ይሏታል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ያን ሁሉ ሳምንት ጸልየው። ሃምሳ አምስት ሳንቲሙን ልገልጽላት ጀመርኩ። እቁቡን፣ ስምንት ወሩን፣ ቀሪው ከየት ይመጣ እንደነበር። እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ካርታውን አንስታ ደረቷ ላይ ያዘችው። ከዚያ አለቀሰች። ሽንኩርቱ ነው አለች።

"እንግዲያው ነገ አብረሽኝ ውረጂ" አለችኝ ቆይታ።

"ወዴት?"

"ከታች መንገዱ ዳር አንዲት ሴትዮ ክፍል ታከራያለች። አንድ ክፍል፣ ጓሮ በኩል። ቀብድ ሰጥቻታለሁ።"

አልገባኝም። "ለማን ነው ክፍሉ?"

"ለእኔ ነዋ! ምናልባት ቤቱ ቢወሰድ ብዬ።" ዓይኗን ሽንኩርቱ ላይ አደረገች። "ካርታውን የሰጠሁሽ ቀን ነው የያዝኩት። ሰው ሳያይ፣ ቀስ ብዬ ዕቃዬን እንዳወርድ። አንቺ እንዳታፍሪ።"

እኔ ያን ሁሉ ቀን የተማርኩትን እናቴ ካርታውን ስታራግፍ ታውቀው ነበር። አውቃም ሰጠችኝ፤ አውቃም "አሜን" ብላ ጮኸች። ከጎኗ ተቀምጬ ቢላዋውን ከእጇ ወሰድኩና ሽንኩርቱን መላጥ ጀመርኩ፤ ዓይኔን የሚያቃጥልበት ምክንያት እንዲኖረኝ።

በማግስቱ አብረን ወረድን። ሴትዮዋ ቀብድ አይመለስም አለችን።